ሱሪው ከሸሚዙ ቀድሞ ለምን ያጥራል?

ከሳይንስ ዓምድ፦ እግራችንና ግንዳችን ከሕፃንነት እስከ አዋቂነት

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ሁላችንም በየዕለቱ የምናየውን ግን ቆም ብለን ያልጠየቅነውን ነገር እናነሳለን።

ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት የክፍል ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ጭንቅላታቸው እኩል ነው። ወርደው ሲቆሙ ግን አንዱ ሌላውን በአንድ መዳፍ ይበልጠዋል። ልዩነቱ የት ተደብቆ ነበር? መልሱ አጭር ነው፤ እግራቸው ውስጥ። ስንቀመጥ እግራችን ከቁመታችን ይወጣል። የሚቀረው ግንዳችን፣ አንገታችንና ጭንቅላታችን ነው።

ሌላ ጥያቄ እንጨምር። በመስከረም የተገዛ ዩኒፎርም እስከ ሰኔ ሲደርስ ሸሚዙ ልክ ሆኖ ሳለ ሱሪው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚሰቀለው ለምንድነው? ብዙ ሰው "ጨርቁ ታጥቦ ተሰብስቦ ነው" ይላል። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሸሚዙም አብሮ ታጥቧል እኮ! ዋናው ምክንያት ጨርቁ ሳይሆን ልጁ ነው። ሰውነታችን እንደ ፊኛ ሁሉም ቦታ እኩል እየተነፋ አያድግም። እግር የራሱ ጊዜ አለው፣ ግንድም የራሱ ጊዜ አለው።

1. ሕፃን ትንሽ አዋቂ አይደለም

በቤታችሁ ወይም በጎረቤት አዲስ የተወለደ ሕፃን ካለ እስቲ አስተውሉት። ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ሆዱና ደረቱ ረዘም ይላል፣ እግሩ ግን አጭርና የታጠፈ ነው። የሕፃኑን ፎቶ አንስተን አባቱን እስኪያክል ብናሳድገው አባቱን አይመስልም። እግረ አጭርና ራሱ ትልቅ የሆነ እንግዳ ሰው ይሆናል።

ይህ የሆነው እድገት ከራስ ወደ እግር ስለሚወርድ ነው። እናቱ ማሕፀን ውስጥ ሁለት ወር ገደማ የሆነው ፅንስ ጭንቅላቱ ብቻ የቁመቱን ግማሽ ያህላል። ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱ አንድ አራተኛ ይሆናል። አዋቂ ሲሆን ደግሞ አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ጭንቅላቱ አልቀነሰም፣ እንዲያውም አድጓል። ነገር ግን ሌላው አካሉ በተለይም እግሩ በልጦት ሄደ። አንጎል ቀድሞ መዘጋጀት ስላለበት ጭንቅላት ቀድሞ ያድጋል። በ6 ዓመት ገደማ የልጅ አንጎል የአዋቂውን 90 በመቶ ያህል ደርሷል። እግር ግን በዚያ ዕድሜ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል።

አሁን ቁጥር እናስገባ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከራሱ አናት እስከ መቀመጫው ያለው 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለእግሩ የሚቀረው 16 ብቻ ነው ማለት ነው። ይኸው ሕፃን አድጎ 170 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከአናቱ እስከ መቀመጫው 88፣ እግሩ ደግሞ 82 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አስሉት። ከመቀመጫ በላይ ያለው ክፍል 2 ተኩል እጥፍ ያህል አደገ። እግሩ ግን 5 እጥፍ አደገ! አንድ ሰው ከተወለደ በኋላ ከሁሉ በላይ የሚያድገው በእግሩ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

2. የመቀመጥ ቁመት የሚባለው

ሳይንቲስቶች ይህን ለማወቅ የሚጠቀሙት ዘዴ በጣም ቀላል ነው። ሰውየውን ቆሞ ይለኩታል፣ ከዚያ ተቀምጦ ይለኩታል። ተቀምጦ የተለካው ከመቀመጫው እስከ አናቱ ያለው ስለሆነ "የመቀመጥ ቁመት" እንበለው። የእግር ርዝመት የሚገኘው በመቀነስ ነው፦

የእግር ርዝመት = የመቆም ቁመት − የመቀመጥ ቁመት

ቀጥሎ የመቀመጥ ቁመት ከጠቅላላው ቁመት ስንት በመቶ እንደሆነ ይሰላል። የመቀመጥ ቁመትን በመቆም ቁመት እናካፍላለን፣ ከዚያ በ100 እናባዛለን። የ5ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ይችለዋል።

አዲስ በተወለደው ሕፃን እንሞክረው። 34 ለ50 ሲካፈል 0.68 ነው፣ ስለዚህ 68 በመቶ። የ3 ዓመት ልጅ ጋር ስንደርስ 57 በመቶ ገደማ ይሆናል። እግር እየረዘመ ሲሄድ ቁጥሩ እየወረደ ይመጣል። በጉርምስና መካከል 51 ወይም 52 በመቶ ላይ ይደርሳል፣ ይህም ዝቅተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይከሰታል። ቁጥሩ መውረዱን ትቶ ጥቂት መልሶ ይወጣል። ለምን ይመስላችኋል?

3. እግር ቀድሞ ይሮጣል፣ ግንድ ተከትሎ ይደርሳል

ረጃጅሞቹ አጥንቶቻችን የሚያድጉት መሀል ላይ ሳይሆን ጫፋቸው ላይ ነው። ጫፋቸው አጠገብ ከልም አጥንት የተሠራ ቀጭን ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ አዲስ ልም አጥንት እየሠራ ይገፋል፣ ከኋላው ያለው ወደ ጠንካራ አጥንት ይለወጣል። እግራችን ውስጥ ዋናው የእድገት ሥራ የሚካሄደው ጉልበታችን ዙሪያ ነው። ይኸውም የጭን አጥንት ታችኛው ጫፍና የቅልጥም አጥንት ላይኛው ጫፍ ላይ ነው። ከእግር እድገት ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚመጣው ከዚህ ከጉልበት አካባቢ ነው። ግንዳችን ግን ብዙ ትናንሽ ሠራተኞች አሉት። ከአንገት እስከ ወገብ 24 አከርካሪዎች እያንዳንዳቸው በዓመት ጥቂት በጥቂት ይጨምራሉ።

ከ5 ዓመት እስከ ጉርምስና ድረስ ልጅ በዓመት 5 ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከዚህ ውስጥ ከ3 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው የእግር ነው። ለዚህ ነው በእነዚህ ዓመታት ሱሪ ቀድሞ የሚያጥረው። ጉርምስና ሲጀምር እግር ይበልጥ ይፈጥናል። እጅና እግር ረዝሞ ልጁ "ሸምበቆ" የሚባለው ያኔ ነው። ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ የግንድ ተራ ይደርሳል፣ እግር ደግሞ መቀዝቀዝ ይጀምራል። ጉልበት ዙሪያ ያለው ልም አጥንት በሴቶች ወደ 14፣ በወንዶች ወደ 16 ዓመት ገደማ ተለውጦ ሲያልቅ እግር መርዘሙን ያቆማል። አከርካሪዎች ግን ከዚያ በኋላም ትንሽ ይቀጥላሉ። በመቶኛው መልሶ የወጣው ለዚህ ነው። እግር ቆሞ ግንድ ስለቀጠለ ነው።

በሴቶችና በወንዶች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የጊዜ ነው። ሴቶች ጉርምስናን ሁለት ዓመት ያህል ቀድመው ይጀምራሉ። ስለዚህ 6ኛ ክፍል ላይ ሴቶቹ ከወንዶቹ ረዝመው ሲታዩ አንድም የተበላሸ ነገር የለም፣ ወንዶቹ ገና ተራቸው አልደረሰም። አንዲት ልጅ የወር አበባ ካየች በኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ትጨምራለች፣ አብዛኛው ግን ከግንዷ የሚመጣ ነው። ወንዶቹ ዘግይተው ስለሚጀምሩ እግራቸው ለማደግ ተጨማሪ ዓመታት ያገኛል።

4. አንድ ልጅ በአራት መስከረም

ነገሩ እንዲገባን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ልጁ በምሳሌነት የቀረበ ነው፣ ቁጥሮቹ ግን በዚያ ዕድሜ ላይ የተለመዱ ናቸው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ተለክቷል።

በ12 ዓመቱ፦ ቆሞ 148፣ ተቀምጦ 76.5። እግሩ 71.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በመቶኛው 51.7።

በ13 ዓመቱ፦ ቆሞ 155፣ ተቀምጦ 79። እግሩ 76። በመቶኛው 51.0።

በ14 ዓመቱ፦ ቆሞ 162፣ ተቀምጦ 83። እግሩ 79። በመቶኛው 51.2።

በ15 ዓመቱ፦ ቆሞ 166፣ ተቀምጦ 86። እግሩ 80። በመቶኛው 51.8።

አሁን አብረን እናንብበው። በመጀመሪያው ዓመት ልጁ 7 ሴንቲ ሜትር አደገ፣ ከዚያ ውስጥ 4 ተኩሉ የእግር ነው። በዚያ ዓመት እናቱ "ይሄ ልጅ ሱሪ በላ!" ማለታቸው አይቀርም። በሁለተኛው ዓመትም 7 ሴንቲ ሜትር አደገ፣ አሁን ግን 3ቱ ብቻ የእግር፣ 4ቱ የግንድ ነው። በዚህ ዓመት ሸሚዙ ከሱሪው እየተመዘዘ ይወጣል፣ ትከሻውም ይጠበዋል። በሦስተኛው ዓመት 4 ሴንቲ ሜትር ጨመረ፣ እግሩ 1 ብቻ፣ ግንዱ 3። ሱሪው ለረጅም ጊዜ ልክ ሆኖ ይቆያል።

ቁመቱን ብቻ ብንለካ ኖሮ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ዓመት አንድ ዓይነት ይመስሉን ነበር። ሁለቱም 7 ናቸውና። የመቀመጥ ቁመቱን ስንጨምር ግን ሁለት የተለያዩ ዓመታት መሆናቸው ታየ።

ልብስ ሰፊዎች ይህን በልምዳቸው ያውቁታል። የተማሪ ሱሪ ሲሰፉ ከታች ወፈር ያለ እጥፋት ይተዋሉ። ሲያጥር እጥፋቱ ይፈታል። ወላጆች ዩኒፎርም ሲያሰፉ ልጁ ከ10 እስከ 13 ዓመት ከሆነ የሱሪውን እጥፋት ማብዛት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ የሸሚዙን ትከሻና ርዝመት ለቀቅ ማድረግ ያዋጣቸዋል። ለሴቶች ልጆች ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ማሰብ ነው።

5. እንዴት እንለካ? ምንስ ያሳስተናል?

የሚያስፈልጉት ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሳስ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍና ጠፍጣፋ ዱካ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ራሱን መለካት አይችልም፣ ጓደኛ ያስፈልጋል።

ቆሞ ሲለካ ጫማ ይወልቃል። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳውን ይነካሉ። ዓይን ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይመለከታል። መጽሐፉ አናት ላይ ተደርጎ ጀርባው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ከሥሩ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። ከወለሉ እስከ ምልክቱ ይለካል።

ተቀምጦ ሲለካ ዱካው ግድግዳው ሥር ይጠጋል። ተማሪው መቀመጫው ግድግዳውን እስኪነካ ወደ ኋላ ይገባል፣ ወገቡን ቀጥ ያደርጋል፣ እግሩ ወለሉን ይረግጣል እንጂ አይንጠለጠልም። እንደ ቅድሙ ምልክት ይደረጋል። ከወለሉ እስከ ምልክቱ ከተለካው ላይ የዱካው ከፍታ ይቀነሳል። የቀረው የመቀመጥ ቁመት ነው። ለምሳሌ ከወለሉ 119 ቢመጣና ዱካው 40 ቢሆን፣ 79 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሦስት ነገሮች በተለይ ያሳስታሉ።

አንደኛው ጎበጥ ብሎ መቀመጥ ነው። የ13 ዓመቱን ምሳሌ ልጅ እንውሰድ። ጎብጦ ተቀምጦ ከ79 ይልቅ 77 ቢመጣ እግሩ በወረቀት ላይ 78 ይሆናል፣ በመቶኛውም 49.7። ልጁ ምንም ሳይሆን ድንገት የተለየ እግረ ረጅም ሆነ! ከግንዱ የጠፋው 2 ሴንቲ ሜትር ወደ እግሩ ስለሚሄድ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ እያንዳንዱን ልኬት ሦስት ጊዜ መድገም ነው። ሦስቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ አቀማመጡ ትክክል አልነበረም ማለት ነው፣ እንደ አዲስ ይለካል።

ሁለተኛው ፀጉር ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ወይም ጎፈሬ ያለው ልጅ ሲለካ መጽሐፉ ፀጉሩን ተጭኖ ራስ ቅሉን መንካት አለበት። አለበለዚያ የፀጉሩ ከፍታ ግንድ ሆኖ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ይሄኛው ያስገርማል። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሳ ከማታው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንረዝማለን። በአከርካሪዎቻችን መሀል ያሉት ለስላሳ ትራሶች ቀን ስንቆምና ስንቀመጥ ክብደታችን ይጫናቸዋል፣ ሌሊት ስንተኛ መልሰው ያብጣሉ። የሚያጥረው ግንዳችን ነው፣ እግራችን አይደለም። ስለዚህ የጠዋት ፈረቃ ተማሪን ከከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ጋር ማወዳደር ትክክል አይሆንም። ያው ልጅም በሚቀጥለው ዓመት ሲለካ በዚያው ሰዓት ይሁን።

6. "እጅህን በራስህ ላይ አዙረህ ጆሮህን ንካ"

ይህን ዓረፍተ ነገር ወላጆቻችንና መምህሮቻችን በደንብ ያውቁታል። በአገራችን የልደት ወረቀት በሌለበት ዘመን አንድ ልጅ ለ1ኛ ክፍል መድረሱ የሚታወቀው በዚህ ነበር። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ "ደርሷል" ይባላል። ካልነካ "ለሚቀጥለው ዓመት" ተብሎ ይመለሳል። ስንቱ ልጅ አንገቱን አዘንብሎ፣ ጣቱን ዘርግቶ ሞክሮ እያለቀሰ ተመልሷል።

ዘዴው ከየትም የመጣ አይደለም፣ ከላይ ያየነው ሳይንስ ነው። ሕፃን ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ክንዱ አጭር ስለሆነ እጁ አናቱን ተሻግሮ አይወርድም። በ6 እና በ7 ዓመት ገደማ ጭንቅላቱ ማደጉን ሊጨርስ ሲቃረብ ክንዱ ደግሞ እንደ እግሩ እየረዘመ ሄዶ ጆሮውን ይነካል። ለ1ኛ ክፍል የተደነገገው ዕድሜም 7 ዓመት ስለሆነ የተገጣጠመ ይመስላል።

ችግሩ ፈተናው የሚለካው ዕድሜን ሳይሆን የክንድና የራስን ንጽጽር መሆኑ ነው። ክንደ ረጅም የሆነ ልጅ 6 ዓመት ሳይሞላው ይነካል። ሌላው 7 ሞልቶት አይነካም። በተለይ የሚጎዳው በሕፃንነቱ ምግብ ያጠረው ልጅ ነው። ለምን? ቀጥሎ እናየዋለን።

7. እግር ለምን የልጅነትን ነገር ያስታውሳል?

ከላይ እንዳየነው ከመወለድ እስከ ጉርምስና በጣም የሚፈጥነው እግር ነው። በጣም የሚፈጥን ነገር ደግሞ ብዙ ምግብ ይፈልጋል። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቂ ካልበላ፣ ተቅማጥና ሌላ ሕመም ከተመላለሰበት፣ አካሉ ለአንጎልና ለውስጥ ብልቶች ቅድሚያ ይሰጣል። የሚቆጠበው ከእጅና ከእግር ነው። ስለዚህ የተጎዳው ልጅ ጭንቅላቱና ግንዱ ብዙም ሳይቀር እግሩና ክንዱ ይቀራል። ያ ልጅ በ7 ዓመቱ ጆሮህን ንካ ሲባል አይደርስም። አንዴ በምግብ ተጎዳ፣ አሁን ደግሞ በትምህርት አንድ ዓመት ይቀጣል ማለት ነው።

ልጅ ለዕድሜው አጥሮ ሲቀር መቀንጨር ይባላል። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። ከ10 ልጅ ወደ 4 የሚጠጋ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን በሚባለው ዕቅድ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማጥፋት ቃል የገባው ለዚህ ነው። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የተባለውም በምክንያት ነው፤ ያኔ የቀረ ቁመት በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለሱ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ እንያዝ። ይህ የሚሠራው ብዙ ልጆች አብረው ሲለኩ ነው። አንድን ጓደኛችንን አይተን "እግርህ አጭር ነው፣ ስለዚህ በልጅነትህ ተርበሃል" ማለት አንችልም። አብዛኛውን ልዩነት የምንወርሰው ከእናት ከአባታችን ነው። ጤነኛ ሆነው አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ግንደ ረጅም የሚሆኑ ብዙ ናቸው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚለማመዱትን አትሌቶች ያየ ሰው ያውቃል፤ ረጅምም አጭርም አሉ። እነኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ ዓለምን ያሸነፉት 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቁመት ነው። ስለዚህ "እግሬ አጭር ነው፣ ሯጭ አልሆንም" የሚል ካለ ይህን ይስማ።

8. ታዲያ በምዝገባ ሰሞን ምን ይደረግ?

ብዙዎቻችን ታናሽ ወንድም ወይም እህት አለን። ለ1ኛ ክፍል ምዝገባ ይዘናቸው የምንሄደውም አንዳንዴ እኛው ነን። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ አሁን ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ሊኖራቸው ይችላል። እሱን ይዞ መሄድ ነው። እሱ ከሌለ የክትባት ካርድ ይፈለግ፤ የተወለደበት ቀን እዚያ ላይ ይጻፋል። ብዙ እናቶች ካርዱን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡታልና ቁም ሣጥን ውስጥ መፈለግ ነው። እሱም ከታጣ የተወለደበትን በዓል ወይም የጎረቤት ልጅ ልደት አስታውሶ ዕድሜውን ማስላት ይቻላል። የትኛውም ቢሆን ከጆሮ ይሻላል። ጆሮ ዕድሜ አያውቅም።

እኛ ደግሞ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን። 7ኛ ክፍል ላይ እግሩ ድንገት የረዘመውን "ሸምበቆ"፣ ያልረዘመውን "ድንክ" እያልን እንጠራለን። አሁን ግን እናውቃለን። አንደኛው እግሩ ቀድሞ ሮጦ ግንዱን እየጠበቀ ነው፣ ሌላው ተራው ገና አልደረሰም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱም በሌላ መልክ ይገናኛሉ።

የቤት ሥራ ለአንባቢ፦ አንዲት ተማሪ ቆማ 150፣ ተቀምጣ 77 ሴንቲ ሜትር ሆነች። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ሰዓት ስትለካ ቆማ 154፣ ተቀምጣ 80 ሆነች። እግሯ ስንት አደገ? ግንዷስ? ሱሪዋና ሸሚዟ ቀድሞ የሚያጥረው የቱ ነው? መልሳችሁን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ የአስተያየት ሳጥን ውስጥ አስገቡ። ትክክለኛውን መልስ ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት እናነባለን።

እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።

የሳይንስ ዓምድ አዘጋጅ፣ ከሚኒ ሚዲያ ክበብ